«47 በመቶ» የማን ማሳ ነው?

«ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ አሲዳማ አፈርና ኖራ ገለጻ አለብኝ። የስላይዱን ረቂቅ ሰው ጽፎልኛል፣ ምኑን ልይ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁጥሮቹን አስምርባቸው። «ኖራ የስንዴ ምርትን በ47 በመቶ ይጨምራል» ቢል፣ በየትኛው ወረዳ፣ በሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ ገብቶ፣ ከምን ዓይነት ማሳ ጋር ተነጻጽሮ ነው? ጸሐፊው ቁጥሩን ያገኘበትን ሰነድ ከነገጹ ካላሳየህ ቁጥሩን ከስላይዱ አውጣው። «ወደ 50 በመቶ ገደማ» ብለህ ብታለዝበውም ያው ነው። ሰነዱ ካለም ራስህ ክፈተው፤ የአንድ የሙከራ ማሳ ውጤት ስላይዱ ላይ ሲደርስ የጎጃም ሁሉ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ።

«ኖራ ማዳበሪያን ይተካል» የሚል ካለ ሰርዘው። አሲድነቱን ይቀንሳል እንጂ ናይትሮጂን አይሰጥም።

«ወሳኝ ሚና ይጫወታል» የሚለው ደግሞ ለገበሬው ምንም አይነግረውም። «አሲዳማ አፈር ፎስፈረስን አስሮ ይይዛል፣ ኖራ ሲገባበት ሰብሉ ያገኘዋል» በለው።