ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ ፒኤስ 5 ግን የራሱን ጌም ከእርሱ ላይ አይከፍትም

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። ሁለት ፒኤስ 4 እና በቅርቡ የገዛሁት አንድ ፒኤስ 5 አሉኝ። ቦታ ስለሞላብኝ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ፒኤስ 4 ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ፒኤስ 5 ላይ ግን ጌሙ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይተላለፋል፤ ልክፈተው ስል እምቢ ይላል። ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ ነው? ወይስ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ መግዛት ነበረብኝ?

መልስ፦ ሃርድ ዲስክዎ አልተበላሸም፤ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ቢገዙም ውጤቱ ያው ነበር። ፒኤስ 5 በዩኤስቢ በሚሰካ ማከማቻ ላይ የራሱን ትውልድ ጌም እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳል፣ ከዚያው ላይ ማጫወትን ግን ይከለክላል። ይህ የማስቀመጥ ፈቃድ ራሱ የመጣው በሚያዝያ 2021 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የሲስተም ማሻሻያ ነው።

ምክንያቱ የንባብ ፍጥነት ነው። የፒኤስ 5 ውስጣዊ ኤስኤስዲ በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት ያህል ያነባል፤ ለዚህ ማሽን የተሠሩ ጌሞችም ሜዳውንም ሆነ ከተማውን በጨዋታ መሐል ከዚያ እየሳቡ እንዲያመጡ ሆነው የተዘጋጁ ናቸው። የእርስዎ ዓይነት ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ይሰጣል፤ በዩኤስቢ ሳጥን ውስጥ የገባ ሳታ ኤስኤስዲም ቢሆን ከ500 ሜጋባይት እምብዛም አያልፍም። ፒኤስ 4 ግን ከፋብሪካ ሲወጣም በውስጡ ያለው ተራ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ስለሆነ፣ ጌሞቹ በዩኤስቢ 3.0 ከተሰካ ሃርድ ዲስክ ላይ ልዩነት ሳይታይባቸው ይጫወታሉ።

ስለዚህ የገዙት ዕቃ ለፒኤስ 4 ተስማሚ ነው፣ ለፒኤስ 5ም ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። የመጀመሪያው አገልግሎት፣ ለጌም ቤት ትልቅ ጥቅም ያለው ሆኖ ሳለ ብዙዎች የማያስተውሉት፣ የፒኤስ 4 ጌሞችን በፒኤስ 5 ማሽን ላይ ከኤክስተርናሉ በቀጥታ ማጫወት ነው። የኳስ ጌሞች ብዙ ጊዜ በሁለቱም ትውልድ ስለሚወጡ፣ የፒኤስ 4 ሲዲ ካለዎት እርሱን በፒኤስ 5 ላይ ጭነው ኤክስተርናሉ ላይ ማስቀመጥ ይችላሉ። በዚህ መንገድ የድሮዎቹ የፒኤስ 4 ጆይስቲኮችም ለዚያ ጌም ያገለግላሉ፤ ለፒኤስ 5 ጌሞች ግን አያገለግሉም። ሲጭኑ የትኛውን ቅጂ እየጫኑ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ከጌሙ ስም አጠገብ PS4 የሚል ምልክት ማየት አለብዎት።

ሁለተኛው አገልግሎት መጋዘንነት ነው። በመጀመሪያው የፒኤስ 5 ሞዴል ላይ ከ825 ጊጋባይቱ ለጌም የሚተርፈው 667 ያህል ስለሆነ፣ በየቀኑ የሚፈለጉትን ጌሞች ውስጥ ትተው የቀሩትን ወደ ኤክስተርናሉ ያስተላልፉ። ደንበኛ ሲጠይቅ 50 ጊጋባይት የሆነውን ጌም ወደ ውስጥ መመለስ አሥር ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ያንኑ ጌም በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት እንደ አዲስ ማውረድ ግን ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማስተላለፊያው የሚገኘው እንዲህ ነው፦

```
Settings > Storage > Console Storage >
Games and Apps > Select Items to Move
```

ኤክስተርናሉን የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደሚሰኩትም ልብ ይበሉ። በመጀመሪያው የፒኤስ 5 ሞዴል ፊት ለፊት ያለው ሰፊው የዩኤስቢ ቀዳዳ የዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ብቻ ያለው በመሆኑ፣ ማሽኑ ሃርድ ዲስኩን ለጌም ማከማቻነት እንዲቀበል ከኋላ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች በአንዱ ላይ በቀጥታ ይሰኩት። የዩኤስቢ ማከፋፈያ በመሐል አያስገቡ። በሁለቱም ትውልድ ተቀባይነት ያለው መጠን ከ250 ጊጋባይት እስከ 8 ቴራባይት ነው። ማሽኑ ፎርማት ሲያደርገው በላዩ ያለው ፊልምም ሆነ ፎቶ ሁሉ ስለሚጠፋ፣ የሚፈልጉትን አስቀድመው ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። የጨዋታ ደረጃዎች በውስጠኛው ማከማቻ እንጂ በኤክስተርናሉ ላይ አይቀመጡም፤ ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን ወደ ሌላው ማሽን ሲያዛውሩ የደንበኛው ደረጃ አብሮት አይሄድም።

የፒኤስ 5 ጌሞችን ቁጥር በእውነት ማብዛት ከፈለጉ መግዛት ያለብዎ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ የሚገባውን ኤም ነጥብ 2 ኤስኤስዲ ነው። ገበያ ላይ መልካቸው የሚመሳሰል ሦስት ዓይነቶች ስላሉ ሻጩ «ኤም ነጥብ 2 ነው» ስላለዎት ብቻ አይክፈሉ። ኤም ነጥብ 2 ሆኖ በሳታ የሚሠራ አለ፤ ፒኤስ 5 አይቀበለውም። ኤንቪኤምኢ ሆኖ ሦስተኛ ትውልድ የሆነውም አይሆንም። የሚያስፈልግዎ በማሸጊያው ላይ PCIe Gen4 x4 NVMe የሚል የተጻፈበት፣ የንባብ ፍጥነቱም በሰከንድ 5,500 ሜጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ነው። ሙቀት ማብረጃ ብረት ግዴታ ሲሆን፣ ከነብረቱ አጠቃላይ ከፍታው ከ11.25 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ለኮምፒውተር የተሠሩ ወፋፍራም ማብረጃዎች ያሉባቸው ስለሚገኙ ከመክፈልዎ በፊት በማስመሪያ ይለኩት።

ሲገጥሙ ማሽኑን በእረፍት ሁኔታ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉ። የጎን ሽፋኑን ካነሡ በኋላ በአንድ ቡሎን የታሰረች ትንሽ ክዳን ያያሉ፤ እርሷን ሲፈቱ ቦታው ይገኛል። በውስጧ ያለችውን የቀለበት ማረፊያ ከኤስኤስዲው ርዝመት ጋር ወደሚገጥመው ቀዳዳ ያዛውሩ፤ በብዛት የሚሸጠው 2280 የተባለው ስለሆነ 80 የሚለው ላይ ይሆናል። ኤስኤስዲውን አጋድመው እስከ መጨረሻው ካስገቡት በኋላ ወደ ታች ተጭነው በቡሎኑ ይሰሩት። ማሽኑ ሲነሣ ፎርማት ላድርግ ብሎ ይጠይቃል፣ ሲጨርስም የለካውን የንባብ ፍጥነት ያሳያል። ማሸጊያው ላይ 7,000 ተጽፎ እዚህ ላይ 3,000 ገደማ ካዩ፣ የተሸጠልዎት ማሸጊያው የሚለው ዕቃ ላይሆን ስለሚችል ደረሰኝዎን ይዘው ወደ ሻጩ ይመለሱ።

ኤክስቦክስ ለመጨመር ካሰቡ መርሁ ተመሳሳይ ነው። ኤክስቦክስ ዋን ከዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ ላይ ያጫውታል። ሲሪስ ኤክስ እና ኤስ ግን ለእነርሱ የተሠሩትን ጌሞች ከዩኤስቢ አያጫውቱም፤ ከኋላ የሚገባ የራሳቸው ማስፋፊያ ካርድ አላቸው፣ እርሱም ለፒኤስ 5 አይሆንም።

ለጎንደር የማክለው የመብራቱን ነገር ነው። ጌም እየተላለፈ ሳለ መብራት ከጠፋ የሚጎዳው ኤክስተርናሉ ላይ ያለው መረጃ ነው፤ ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ማከማቻውን እያስተካከልኩ ነው የሚል መልእክት ካሳየ እስኪጨርስ ድረስ አይንኩት። ዩፒኤስ ካለዎትና የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቁን የ3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ አዳፕተሩም ከማሽኑ ጋር ዩፒኤሱ ላይ መሰካት አለበት፤ አለበለዚያ ማሽኑ በርቶ ሃርድ ዲስኩ ብቻውን ይጠፋል። ትንሹ የ2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ኃይሉን ከማሽኑ ስለሚወስድ ይህ ችግር የለበትም፤ ለጌም ቤት እኔ የምመርጠውም እርሱን ነው። ከፒኤስ 5 ለመንቀል ሲፈልጉም ገመዱን ከመሳብዎ በፊት Settings > Storage > USB Extended Storage ውስጥ ገብተው Safely Remove from PS5 የሚለውን ይጫኑ።