ሻጭ «ቀብድህን በእጥፍ ውሰድ» ሲል ፍርድ ቤት ሊያስገድደው ይችላል?

«ሰላም ለግሩፑ ቤተሰቦች። ኮምቦልቻ ቤት በውል ገዝቼ ከዋጋው የተወሰነ ከፍያለሁ። ሻጩ አሁን ዋጋ ስለጨመረ ስም አላዞርም፣ ቀብድህን በእጥፍ ውሰድና ተወኝ ይለኛል። እኔ ብሩን ሳይሆን ቤቱን ነው የምፈልገው። ፍርድ ቤት ሊያስገድድልኝ ይችላል ወይ?»

ወንድሜ፣ አብሽር። ይቻላል። ግን ውልህ ላይ ባለች አንዲት ቃል ይወሰናል፤ እሷም «ቀብድ» የምትለው ናት። እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የገዛሁት ቤት ላይ ይሄው ነገር ደርሶብኛል። እስከ ይግባኝ ሄጄ ነው ቤቱን ያገኘሁት። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ።

እኛ ሀገር ለቤት የከፈልነውን የመጀመሪያ ብር ሁሉ ቀብድ እንላለን። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ላይ እንዲህ ነው፤ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ከውሉ መውጣት ይችላል፣ ቀብድ የተቀበለም እጥፍ መልሶ መውጣት ይችላል፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር። አየህ፣ ሻጭህ ዝም ብሎ የፈጠረው ነገር አይደለም። ቀብድ ማለት በሕጉ አይን የመውጫ በር ነው። በሩ ክፍት ከሆነ ደግሞ ሰውየውን አስገድደህ ቤቱን መውሰድህ በጣም ይጠብባል።

ቅድሚያ ክፍያ ግን ሌላ ነው። ከዋጋው ላይ የተከፈለ ብር ነው። የመውጫ በር የለውም። ያን የተቀበለ ሻጭ እጥፍ ልስጥህ ቢል እንኳ አንተ ካልተስማማህ ከውሉ አይወጣም።

የእኔን ልንገርህ። የቤቱ ዋጋ 1.4 ሚሊዮን ብር ነበር። መጀመሪያ ደላላው ጋ ቁጭ ብለን በአንዲት ወረቀት «50 ሺህ ብር ቀብድ» ተብሎ ተጻፈ፣ ሁለታችንም ፈረምን። ከሳምንት በኋላ ዋናውን ውል አደረግን። እዚያ ላይ «ከጠቅላላው ዋጋ ላይ፣ በቀብድ የተሰጠውን 50 ሺህ ጨምሮ፣ 300 ሺህ ብር ቅድሚያ ክፍያ ተቀብያለሁ፤ ቀሪውን 1.1 ሚሊዮን ስመ ንብረቱ ሲዛወር እቀበላለሁ» ይላል። ስም የሚዞርበት ጊዜ 60 ቀን ተባለ። ወር ሳይሞላ ሌላ ሰው ለሻጩ 1.8 ሚሊዮን ልስጥህ አለው። ጋሼ (በእድሜ አባቴ ስለሚሆን ዛሬም እንደዚያ ነው የምጠራው) ሽማግሌ ላከብኝ። 50 ሺው ቀብድ ስለሆነ በእጥፍ 100 ሺህ፣ ከቀረው 250 ሺህ ጋር 350 ሺህ ውሰድና ተለያየን አለ። እኔ 50 ሺህ አትርፌ እሱ 350 ሺህ ሊያተርፍ ነው።

ፍርድ ቤት ላይ የተከራከረውም ይህንኑ ነበር። ዳኛው ሁለቱን ወረቀቶች አጠገብ ላጠገብ አስቀምጠው አዩና፣ ቀብዱ በዋናው ውል ዋጋ ውስጥ ተቆጥሮ ቅድሚያ ክፍያ ሆኗል፣ ተዋዋዮቹ ከዚያ በኋላ የመውጫ መብት አልያዙም አሉ። እኔ እድለኛ የሆንኩት ዋናውን ውል የጻፈልን ሰው ያቺን ዓረፍተ ነገር በጥንቃቄ ስላስገባት ነው። እዚያ ላይም «ቀብድ» ብሎ ቢተወው ኖሮ ምን እንደሚሆን አስባለሁ። አንተም ዛሬውኑ ውልህን አውጥተህ ይህቺን ቦታ አንብብ።

ሁለተኛው ነገር ገደብ ነው። ብዙ ሰው ከቀብድ ጋር ያምታታዋል። ውላችን መጨረሻ ላይ «ውሉን ያፈረሰ ወገን 100 ሺህ ብር ገደብ ከፍሎ ውሉ የጸና ይሆናል» የሚል ነበር። የጋሼ ጠበቃ ገደቡን እንከፍላለን፣ ከዚያ ነጻ ነን ብሎ ሞከረ። አይሠራም። ገደብ ውሉን ላላከበረ ሰው የተቀመጠ ካሳ ነው፣ መውጫ ክፍያ አይደለም። ገደብ ቢኖርም ባለመብቱ ውሉ ይፈጸምልኝ ማለት ይችላል። ሁለቱንም አንድ ላይ ግን በዘፈቀደ አታገኝም፤ ገደቡ ለመዘግየት ወይም ለሌላ ተጨማሪ ግዴታ የተቀመጠ ካልሆነ በቀር ወይ አፈጻጸሙን ወይ ገደቡን ነው። እኔ ገደቡን ትቼ ቤቱን መረጥኩ።

አሁን ፍርድ ቤቱ ከአንተ የሚጠብቀው አለ። ቁጥር 1776 ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ውሉ እንደተጻፈው መፈጸሙ ለአንተ የተለየ ጥቅም እንዳለው። ሁለተኛ፣ የሻጩን የግል ነጻነት ሳይነካ ሊፈጸም መቻሉ። ሁለተኛው ለቤት ሽያጭ ቀላል ነው፤ ሰውየው ፈርሞ ማስረከብ ነው የሚጠበቅበት፣ እንደ ዘፋኝ ወይም ግንበኛ በግድ ሥራ አትልም። የመጀመሪያው ላይ ግን ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይቀርባል። የገዛኸው 50 ኩንታል ሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ ከሌላ ሱቅ ገዝተህ የዋጋ ልዩነቱን ትጠይቃለህ፤ በግድ አስፈጽምልኝ ማለቱ አያስኬድህም። ቤት ግን ቦታው አንድ ነው። እኔ የጻፍኩት ቤቱ ከእናቴ ግቢ ጋር በአጥር እንደሚዋሰን፣ እሷ ብቻዋን እንደምትኖር፣ ለእሷ ብዬ እንደገዛሁት ነው። የጎረቤት ምስክርም አቀረብኩ። አንተም ያንን ቤት፣ ሌላውን ሳይሆን ያንን፣ ለምን እንደፈለግክ በክስህ ላይ በግልጽ ጻፍ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኔን ያሳሰበኝ ብሩ ነበር። ራስህ ግዴታህን ሳትወጣ ወይም ለመወጣት ዝግጁ ሳትሆን ሌላውን ፈጽም ማለት አትችልም፤ ቁጥር 1757 ነው። ቀሪው ብር እጅህ ላይ ካልሆነ ሻጩ «እሱ ራሱ መክፈል አይችልም» ይልና ክሱ ይንገዳገዳል። እኔ ቀሪውን ብር በ60 ቀኑ ውስጥ ባንክ አስገብቼ የሂሳብ መግለጫ ያዝኩ። ከዚያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላክሁ፤ ቀሪ ክፍያው ዝግጁ ነው፣ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት መሬት ጽህፈት ቤት እጠብቅሃለሁ የሚል። ቀኑ ላይ ሁለት ሰው ይዤ ሄጄ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ያ ወረቀትና እነዚያ ሁለት ምስክሮች ከጠበቃዬ ንግግር ይልቅ ጠቅመውኛል ብዬ አምናለሁ። በስልክ የተባባላችሁት አይበቃህም። ማስጠንቀቂያው መድረሱ የሚታወቅበት መንገድ ይኑረው።

እና እባክህ እግዱን አታዘግይ። ክሱን በከፈትክበት ቀን ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ በዋስትና እንዳይያዝ የእግድ ትዕዛዝ ጠይቅ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ይፈቅዳል። ትዕዛዙን ይዘህ ራስህ መሬት ጽህፈት ቤት ሂድና ፋይሉ ላይ መግባቱን በአይንህ አረጋግጥ። እኔ ትዕዛዙ ወጥቶ ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ አግኝቼዋለሁ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ጋሼ ለሌላው ሰው ስም አዙሮለት ቢሆን ኖሮ የእኔ ታሪክ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ምክንያቱም ቤቱ በቅን ልቦና ለገዛ ሦስተኛ ሰው በስሙ ከተመዘገበ በኋላ አንተ የምትይዘው አብዛኛውን ጊዜ ብርህንና ካሳህን ነው። ቤቱ ሄዷል።

ሁለት ነገር ደግሞ አስቀድመህ አጣራ፣ ክስ ላይ ብር ሳታወጣ። ውሉ በጽሑፍ ብቻ ነው ወይስ ውልና ማስረጃ ፊት ተረጋግጧል? ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፣ ይህን ነጥብ ጠበቃ ሳታማክር አትለፈው። ሌላው ሚስቱ ናት። ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነና እሷ ካልፈረመች፣ ውሉ እንዲፈርስ የመጠየቅ መብት አላት። እንዲህ ሲሆን ሻጩ ራሱ ሚስቱን ከኋላ የሚያስነሳበት ጊዜ አለ። የእኔ ላይ እናታችን (ባለቤቱን ማለቴ ነው) ፈርማ ስለነበር ያ መንገድ ተዘጋ።

ሲፈረድልህ ደግሞ ነገሩ አያልቅም። ፍርዱ ሻጩ ስም ያዛውር ይላል፤ ሻጩ አልሄድም ይላል። ያኔ የአፈጻጸም መዝገብ ትከፍታለህ። ፍርድ ቤቱ ቀሪውን ብር እንድታስይዝ ያዝዝሃል፣ ሻጩ በተሰጠው ቀን ካልቀረበ ደግሞ ስሙ ወደ አንተ እንዲዞር በቀጥታ ለመሬት ጽህፈት ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል። የእኔ እንዲህ ነው የተፈጸመው፣ ጋሼ ሳይፈርም። የቆምኩት ታክስ ላይ ነበር። ሻጭ ከሽያጩ የሚከፍለው ግብር ስላልተከፈለ ስም ማዛወሩ ተያዘ። ጠበቃዬ ይህን አስቀድሞ አስቦ፣ በሻጩ ላይ ያለ ግብርና ውዝፍ ከማስይዘው ቀሪ ብር ላይ ተቀናሽ ሆኖ እንዲከፈል በክሱ ጠይቆ ነበር። ካልጠየቅክ አይሰጥህም። ስለዚህ ክስህ ላይ «ውሉ ይፈጸምልኝ» ብለህ አትለፍ። ስም ያዛውርልኝ፣ ካርታውን ያስረክበኝ፣ ቤቱን ከሰው ነጻ አድርጎ ያስረክበኝ፣ ግብሩ ከቀሪው ይቀነስ ብለህ አንድ በአንድ ዘርዝር።

ከክስ እስከ ቁልፍ መረከብ 1 ዓመት ከ4 ወር ፈጀብኝ፣ ይግባኙን ጨምሮ። እናቴ አጥሩን አፍርሳ በር አውጥታለታለች። ጋሼን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም እንባባላለን፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም፣ ያ ያሳዝነኛል።

ውልህ ላይ ስለ ክፍያው የተጻፈችውን ዓረፍተ ነገር ስም ደብቀህ እዚሁ ቃል በቃል ጻፍልኝ። «ቀብድ» ነው የሚለው ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? የገደብ አንቀጽ ካለም እሱን ጨምርበት።