ፖስተሩን ከትልቁ ጀምሪ

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ከ5 ዓመት በፊት የዓይኑን ብርሃን አጥቷል። ደም ስለመለገስ የሚናገር ፖስተር በስልኬ አንስቼ፣ ምን እንደሚመስል ጽፌ ላኩለት። ስክሪን ሪደሩ አንድ ገጽ ሙሉ አነበበለት፤ እሱ ግን ‹አሁንም አልታየኝም› አለኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ፎቶውንም ጽሑፉንም ልኬልዎታለሁ።»

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ከፎቶው ጋር አስተያየሁት። የቀረ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። የጀመርሽው ጥግ ላይ ካለችው ትንሽ አርማ ነው። የፖስተሩን ግማሽ የያዘው ትልቁ ጠብታ የመጣው 9ኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። የሚያይ ሰው አንዴ ገርመም ሲያደርግ ሙሉውን ይይዘዋል፣ ዝርዝሩን ከዚያ በኋላ ይለቅማል። ባለቤትሽ ግን ያንን የመጀመሪያ እይታ ካላገኘ አርማዋን የት ያስቀምጣት?

ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉውን በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ስጪው። ከዚያ አንድ መንገድ ያዢ፣ ለምሳሌ ከላይ ወደ ታች፣ እና ወደ ኋላ አትመለሺ። ግራና ቀኝ ስትዪ በተመልካቹ በኩል መሆኑን አንድ ጊዜ ንገሪው፤ ሥዕሉ ውስጥ እጅ ወይም ሰው ካለ የማን ግራ እንደሆነ ወዲያው ይምታታል።

ሌላው፣ ፎቶውና ፖስተሩ ተቀላቅለውብሻል። «ከታች በቀኝ ነጭ ብርሃን ይታያል» ብለሻል። እሱ ሥዕል አይደለም፣ መስታወቱ ላይ ያረፈ ነጸብራቅ ነው። ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄደውም ከታች ሆነሽ ስላነሳሽው ነው እንጂ ፖስተሩስ አራት ማዕዘን ነው። ነጸብራቁ ጽሑፍ ስለሸፈነ ይነገር፣ ግን የፎቶው ችግር መሆኑ ይታወቅ። የመጥበቡን ነገር ተዪው።

ቀለም ላይ «ክሬም» ያልሽው ጠብታ ነጭ ይመስለኛል። የፖስተሩን ነጭ ጠርዝ ተመልከቺ፤ እሱም በፎቶው ላይ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ አምፖሉ ነው ያቀለመው። ነጭ መሆኑን የምታውቂው ነገር ፎቶው ውስጥ ፈልጊና ሌላውን ከሱ ጋር አስተያዪ። ባለቤትሽ ቀለም ያውቃል፣ ስለዚህ «ቀይ» ብቻ አይበቃውም፤ ደማቅ ነው ወይስ ወደ ጥቁር የሚያደላ? ቀዩን «ትኩስ ስሜት» እያልሽ መተርጎም ግን አያስፈልግም፣ ስሜቱን ራሱ ያገኘዋል።

ጽሑፉን እንዳለ ገልብጪ፣ የፊደል ስህተት ቢኖርበትም። ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጊው፣ የአንቺ ቃልና የፖስተሩ ቃል እንዲለይ። ስክሪን ሪደር ትልቁንም ትንሹንም ፊደል እኩል ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ የቱ ጎልቶ እንደተጻፈ አንቺ ንገሪው። የማይነበበውን አትገምቺ። እኔ አንድ ጊዜ የደበዘዘ ስልክ ቁጥር ላይ 7 የነበረውን 1 ብዬ ጽፌ፣ አንባቢዬ ደጋግሞ የማያውቀው ሰው ቤት ሲደውል ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ያንቺን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ የደም ልገሳ ፖስተር። ወደ ጥቁር በሚያደላ ቀይ መደብ ላይ፣ መሃሉን የሞላ አንድ ትልቅ ነጭ ጠብታ አለ። ከጠብታው በላይ ርዕስ፣ ከታች ደግሞ ዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ቢጫ ሰቅ አለ። ርዕሱ በትልልቅ ነጭ ፊደል “ደም ይለግሱ” ይላል። ጠብታው ውስጥ ወደ ላይ የተዘረጋ መዳፍ በመደቡ ቀለም ተስሏል። ቢጫው ሰቅ ላይ በትንንሽ ጥቁር ፊደል “ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ፣ በዋናው አዳራሽ” የሚል አለ። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ፤ የመጨረሻዎቹ 2 አኃዞች በመስታወት ነጸብራቅ ተሸፍነው አይነበቡም። ከላይ በግራ ጥግ ትንሽ ክብ አርማ አለች።»

አርማዋ መጨረሻ ላይ መጣች አይደል? ከላይ ወደ ታች ብዬሽ ነበር፣ ግን ለመልእክቱ ምንም ስለማትጨምር ለብቻዋ ትቆይ፤ ቦታዋን እስከነገርሽው ድረስ አይጠፋውም።

ፎቶውን ስትልኪ ምስሉን ለመግለጽ የተዘጋጀ የጽሑፍ ሳጥን ካለ፣ እዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አስገቢ። የቀረውን ከፎቶው ሥር እንደ ተራ ጽሑፍ ጻፊው። ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንቀጽ መክፈል አይቻልም፣ ስልክ ቁጥር ኮፒ ማድረግም ያስቸግራል። ነጸብራቁን ለማስወገድ ደግሞ ከተቻለ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ብለሽ ሌላ ፎቶ አንሺ፤ የጎደሉት 2 አኃዞች በዚያኛው ላይ ይገኛሉ።

ከዚያ ባለቤትሽ አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ያድርግና ርዕሱን፣ ጠብታውንና ሰቁን በጣቱ ያሳይሽ። ጣቱ የተሳሳተ ቦታ ካረፈ፣ ማስተካከል ያለብሽን ዓረፍተ ነገር እዚያው ታገኚዋለሽ።