የክራር ዝዝታ ከየት እንደሚመጣ ሁለቱ ማይክሮፎኖች ይነግሩሃል

«ጅማ ውስጥ በቤቴ ክራር እየቀረጽሁ ነው። አንድ ማይክሮፎን ቅርብ፣ አንዱን ራቅ አድርጌ አቁሜአለሁ። አንዳንድ ክር ሲመታ ዝዝ የሚል ድምፅ ይገባል። በኢኳላይዘር ስቆርጠው ደግሞ ክራሩ ይሞታል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ክራሩ የሚሞተው ዝዝታው ጣት ክሩን ሲነካ ከሚወጣው ጥርት ያለ ድምፅ ጋር አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ ነው። አንዱን ስትቆርጥ ሌላውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ኢኳላይዘሩን ለጊዜው ዝጋውና መጀመሪያ ሁለቱን ትራኮች ለየብቻ አዳምጥ።

ባለፈው ሐምሌ ሂርማታ አካባቢ በአንድ ወዳጄ ቤት ስንቀርጽ የገጠመኝ ይህ ነበር። ክራሩ ባለስድስት ክር፣ ገበቴው ጎድጓዳ የብረት ሳህን ነው። ሦስተኛው ክር በተመታ ቁጥር ዝዝ ይላል። ግማሽ ቀን ክራሩን ስንወቅስ ዋልን። በመጨረሻ ትራኮቹን ለይቼ ሳዳምጥ ዝዝታው በሩቁ ማይክሮፎን ላይ ከቅርቡ ይልቅ ጎልቶ ተገኘ። ከክራሩ የሚወጣ ድምፅ ቅርቡ ላይ ነው መጉላት ያለበት። ዞር ብለን ብንፈልግ ጥግ ላይ በነበረው ረከቦት ስኒዎቹ እየተነካኩ ይንቀጨቀጩ ነበር! ረከቦቱን ወደ ጓዳ ወሰድነው፤ የዝዝታው አብዛኛው ክፍል አብሮት ሄደ።

የቀረው ግን ቅርቡ ላይ ጎላ ብሎ ይሰማ ነበር፤ ይህኛው የክራሩ ነው። የፍለጋው ዘዴ ቀላል ነው። ተጫዋቹ ያንኑ ክር በእኩል ጉልበት ደጋግሞ ይምታ፤ አንተ የጆሮ ማዳመጫ አድርገህ በጣትህ ጫፍ አንድ በአንድ ንካ፦ ቀንበሩ ላይ ተርፎ የተንጠለጠለውን የክር ጫፍ፣ መቃኛውን፣ ጌጡን፣ የቆዳውን ጠርዝ፣ ቆዳው ላይ ቆሞ ክሮቹን የሚደግፈውን የበርኩማውን እግር። ዝዝታው ድንገት ዝም ያለበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። እኛ ሁለት አገኘን። አንዱ ትርፍ የክር ጫፍ ሲሆን ቆረጥነው። ሁለተኛው የበርኩማው እግር ነበር። በክረምቱ እርጥበት ቆዳው ላልቶ ስለረገበ አንዱ እግር በደንብ አልተቀመጠም ነበር። ክሮቹን ትንሽ አላልተን ክራሩን ከከሰል ምድጃ አንድ ክንድ ያህል አርቀን ግማሽ ሰዓት አቆየነው። አታቅርበው፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ቆዳው ሲወጠር በርኩማውን ስለሚያነሣው ቅኝቱም ይወጣል፤ እንደገና መቃኘት ግድ ነው።

(በገና ለምትቀርጹ ግን ይህን አትሞክሩ። የበገና ዝዝታ በክሩና በበርኩማው መካከል በምትገባ ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዝራ፣ ሆን ተብሎ የሚፈጠር፣ የመሣሪያው ድምፅ ራሱ ነው።)

ከዚህ በኋላ አንድ ኖታ ብቻ ከሌሎቹ ያበጠ ሆኖ ቀረ። ይህ ዝዝታ ሳይሆን ገበቴውና ቆዳው የሚያጎሉት ድምፅ ነው። ወይም ክፍሉ ይሆናል፤ ለመለየት ክራሩን ይዘህ ሌላ ክፍል ሂድ፣ እብጠቱ ከተከተለህ የመሣሪያው ነው። እኛን ተከተለን። ማይክሮፎኑ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት የቆዳውን መሐል ይመለከት ነበር። ወደ 35 ሴንቲ ሜትር አራቅሁትና ከበርኩማው ከፍ ብሎ ወደ ክሮቹ አዞርሁት። አቅጣጫ መራጭ ማይክሮፎን ሲቀርብ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያጎላ መራቁ ብቻውን ብዙውን አቃለለው። ለቀረው 210 ኸርዝ አካባቢ በጠባብ ባንድ 3 ዴሲቤል ቆረጥሁ። ቦታውን ስትፈልግ ያበጠውን ኖታ ብቻ ደጋግመህ አጫውት፤ ሙሉውን ዜማ እያጫወትህ ባንዱን ከፍ አድርገህ ብታዞር ሁሉም ቦታ መጥፎ ይመስልሃል፣ አሥር ቦታም ትቆርጣለህ።

የሩቁን ማይክሮፎን በተመለከተ፣ ከቅርቡ 1.2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቢሆን ድምፁ 3.5 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ሁለቱ በእኩል መጠን ሲደመሩ 143 ኸርዝ አካባቢና ከዚያም በላይ በየተወሰነ ርቀት ድምፅ ይጎድላል፤ ክራሩ ቀጭንና ባዶ ይሆናል። የሩቁን 8 ወይም 10 ዴሲቤል ዝቅ አድርገው፤ ከዚያ በሞኖ እያዳመጥህ ሰው ማይክሮፎኑን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅስልህ፣ ክራሩ ሲወፍር «ቁም» በለው።

እኛ ይህን ሁሉ ጨርሰን ለመቅረጽ ስንቀመጥ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። የሩቁን ዘጋሁትና በቅርቡ ብቻ አንድ ዜማ ቀረጽን፤ የቀረውን በማግስቱ ጧት ሰማዩ ሳይከብድ ጨረስነው።