ክሬቲን መቀበያው ላይ ከማስቀመጥህ በፊት የምትጽፈው ደብዳቤ

«ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ጂም አለኝ። መቀበያው ላይ ክሬቲን የሚባለውን የጡንቻ ማጎልበቻ ዱቄት ለሽያጭ ማስቀመጥ አስቤ ነበር፤ ገና ሳልጀምር አባላቱ "ኩላሊት ይጨርሳል" እያሉኝ ነው። ደብዳቤ ልጽፍላቸው ነው። ምን ልበላቸው? ያለፈበት ሰው ካለ ያካፍለኝ።»

እኔ አልፌበታለሁ፣ ወዳጄ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ስላዋረደኝ።

በመጀመሪያው ላይ «ክሬቲን ኩላሊት አይጎዳም፣ አትስጉ» ብዬ በአንድ መስመር ዘጋሁት። ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ የ34 ዓመት አባል የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ መጣ። ክሬቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ ቁጥር 1.3 ይላል፤ ከጎኑ «ከፍተኛ» የሚል ምልክት አለ። ከዓመት በፊት 1.1 ነበር። ኩላሊቱ ደም የማጣራት አቅሙ ተብሎ የተገመተው ቁጥርም ከ90 ወደ 74 ወርዷል። «አይጎዳም ብለህ አልነበር?» አለኝ። ምን ልበለው? ዝም አልኩ።

በኋላ ነገሩ የገባኝ እንዲህ ነው። የምንወስደው ክሬቲን አብዛኛው ጡንቻ ውስጥ ይከማቻል። ከተከማቸው ውስጥ በየቀኑ ከመቶ 2 እጅ ያህሉ ክሬቲኒን ወደሚባል ትርፍ ነገር ይለወጣል፤ ኩላሊት ደግሞ ይህን በሽንት ያስወጣዋል። ደም ውስጥ ሲበዛ ሐኪም ኩላሊትን የሚጠረጥረው ለዚህ ነው። ገንዳ ውስጥ ውሃ ከፍ ካለ ወይ ማፍሰሻው ተደፍኗል፣ ወይ ቧንቧው በብዛት እየለቀቀ ነው። የደም ምርመራው የሚያየው የውሃውን ከፍታ ብቻ ነው። ክሬቲን የሚወስድ፣ ጡንቻውም የዳበረ ሰው ቧንቧው ሰፋ ብሎ የተከፈተ ነው። 74 የሚለው ቁጥርም ለብቻው የተለካ አይደለም። ከዚያው ከ1.3፣ ከዕድሜና ከፆታ በቀመር የተሰላ ነው። ልጁ ሁለት መጥፎ ዜና የሰማ መስሎት ነበር፤ አንዱን ነው ሁለቴ የሰማው።

ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር። ያየው ሐኪም ክሬቲን እንደሚወስድ አያውቅም፤ እኔም ንገር አላልኩትም። ተመልሶ ሲነግረው ሲስታቲን ሲ የሚባል ምርመራ ታዘዘለት። ይህ ምርመራ በክሬቲን አይነካም፣ በጡንቻ ብዛትም ብዙ አይዛባም። ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩም ተመረመረ። ሁለቱም ደህና ሆኑ። ለአንድ ወር አቆመ፣ ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ከባድ ብረት አላነሳም፣ ክሬቲኒኑ ወደ 1.1 ተመለሰ። ባይመለስ ኖሮ ግን ጥርጣሬው ከክሬቲን ወጥቶ ወደ ኩላሊቱ ይሄድ ነበር። ያኔ የጂም ባለቤት አፉን መዝጋት ነው ያለበት።

ሁለተኛው ደብዳቤዬ ላይ የኩላሊቱ አንቀጽ እንዲህ ሆነ፦

«ጤነኛ ሰዎች በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ሲወስዱ በተደረጉ ጥናቶች ኩላሊታቸው ሲጎዳ አልታየም። ሆኖም የደም ምርመራ ላይ ክሬቲኒን ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከመመርመርዎ በፊት ክሬቲን እንደሚወስዱ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የኩላሊት ሕመም ያለብዎት፣ አንድ ኩላሊት ብቻ ያለዎት፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ሐኪምዎ ሳይፈቅድ አንሸጥልዎትም። ለነፍሰ ጡሮችና ከ18 ዓመት በታች ላሉም አንሸጥም።»

«አንሸጥልዎትም» የሚለውን ሳነብ ገበያ ያርቅብኛል ብዬ ነበር። እንዲያውም ሰው ያመነኝ በእሱ ነው።

ሌሎቹን ስጋቶች በአጭሩ ነው ያለፍኳቸው። ስቴሮይድ አይደለም፤ ሰውነት ራሱ ይሠራዋል፣ ሥጋና ዓሣ ውስጥም አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 1 ወይም 2 ኪሎ መጨመር ያለ ነው፤ ጡንቻ የሚይዘው ውሃ ነው እንጂ ስብ አይደለም። ይህን ቀድመህ ካልነገርካቸው ሚዛን ላይ ወጥተው ይደነግጣሉ። የፀጉር መርገፍ ወሬ የመጣው በ2009 ከወጣ አንድ ትንሽ የራግቢ ተጫዋቾች ጥናት ነው። እዚያ ከፍ ያለው ከፀጉር መሳሳት ጋር የሚያያዝ ሆርሞን ነው፤ ፀጉራቸውን ግን ማንም አልለካም።

ሆድን በተመለከተ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ችኮላ ነው። በቀን 20 ግራም ለአንድ ሳምንት የሚወስዱ አሉ፤ በአንዴ ሲግቱት ተቅማጥ ይሆናል። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የሚወስድም ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ጡንቻው በዚያው መጠን ይሞላል። ማንኪያውንም እመነው አትበል፤ እኔ በትንሽ ሚዛን ስለካው ተቆልሎ የተጨለፈው 5 ግራም ከሚለው በጣም አልፎ ነበር። አሁን «ለጥ አድርጋችሁ ጨልፉ» የሚል ጽሑፍ ለጥፌበታለሁ።

መቀበያ ላይ የምትቀመጠዋ ልጅ የጤና ጥያቄ አትመልስም። ደብዳቤውን ትሰጣለች፤ «ኩላሊት ወይም መድኃኒት አለ?» ብላ ትጠይቃለች። አለ ካሉ ዕቃው ከመደርደሪያው አይወርድም።