«ይህን ትምህርት ትዝለለው ወይ?»

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 58 ተማሪዎች አሉ። አንዷ አልቢኒዝም ያለባት የ12 ዓመት ልጅ ናት። መነጽር አላት፤ ቢሆንም ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን አታነብም። ከፊት አስቀመጥኳት፤ ለውጥ የለም። መጽሐፉን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ስታነብ ደግሞ ዓይኗ ይብሱን እንዳይጎዳ እሰጋለሁ። አንድ ባልደረባዬ «ብሬል ይሻላታል» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ማዕዘን በፕሮትራክተር መለካት እንጀምራለን። የዚያን ዕቃ ቁጥር እኔም የማየው በግድ ነው። ትዝለለውና ሌላ መልመጃ ልስጣት? ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ሌሎቹ 57 ልጆችም አሉብኝ።
መምህርቷ፣ ከሰሜን ሸዋ

እህቴ፣ አትዝለለው። የሚያስቸግራት ማዕዘኑ ሳይሆን ዕቃው ነው፤ ዕቃውን ደግሞ አንድ ማታ ቁጭ ብለሽ ትሠሪዋለሽ። እሱ ላይ እመጣለሁ። መጀመሪያ ስጋትሽን ላንሳው።

መጽሐፍ አስጠግቶ ማንበብ ዓይን አይጎዳም። ልጅቷ የምታደርገው ትክክለኛውን ነገር ነው። ከ20 ሳንቲ ሜትር ወደ 10 ስታስጠጋው ፊደሉ ለዓይኗ በእጥፍ ይተልቃል። አልቢኒዝም ሲኖር ዓይን ውስጥ ጥርት አድርጎ የሚያየው ቦታ በደንብ ስለማይዳብር፣ መነጽር ይረዳል እንጂ ሁሉንም አያስተካክልም። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘመም አድርጋ ካነበበችም «ቀና በይ» አትበያት። ብዙዎቹ ዓይናቸው ወዲያ ወዲህ ይርገበገባል፤ በዚያ አቅጣጫ ሲያዩ መርገብገቡ ስለሚቀንስላቸው ነው። የሚደክማት አንገትና ወገቧ ነው። መጽሐፉ ሥር ሁለት ሦስት መጽሐፍ ደራርባችሁ ተዳፋት ስታደርጉለት መጽሐፉ ወደ እሷ ይመጣል። ብሬሉን ለጊዜው ተዪው። የታተመ ፊደል አስጠግታ ሳትንተባተብ የምታነብ ልጅ የምትማረው በዓይኗ ነው።

አሁን ምን ያህል እንደምታይ እንለካ። የሐኪም ሰንጠረዥ አያስፈልግሽም፤ ማስመሪያ ይበቃል። 3 ሚሊ ሜትር ቁመት ባላቸው ፊደላት «ቢ ቦ በ ቤ ቡ ብ ባ» ብለሽ አዘበራርቀሽ ጻፊላት። ተራ ዓረፍተ ነገር እንዳትሰጫት። ጎበዝ ልጅ ከሆነች ግማሹን ገምታ ትወጣዋለችና ትሸወጃለሽ። የእኛ ፊደል ጣጣው «ቡ»ንና «ቢ»ን የምትለየው ትንሿ ቅጥያ መሆኗ ነው። ሳትደናገር የምታነበው በስንት ሳንቲ ሜትር ርቀት እንደሆነ ለኪ። ይህንኑ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ድገሚው፤ ዓይኗ ሲደክም ርቀቱ ይቀንሳል። ለዕቅድሽ የሚሆነው ያኛው የደከመው ቁጥር ነው።

10 ሳንቲ ሜትር ወጣ እንበል። እንግዲህ ሰሌዳ ላይ ያለ ፊደልም በዚያው ልክ መጠኑ ከርቀቱ ጋር ማደግ አለበት። 2 ሜትር ማለት የ10 ሳንቲ ሜትር 20 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ፊደሉም የ3 ሚሊ ሜትር 20 እጥፍ፣ ማለትም 6 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አብዛኞቻችን ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው 4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ መጠን የጻፍሽውን ለማንበብ ሰሌዳው በ1 ሜትር ከ30 ግድም ቅርብ መሆን አለበት። የፊት ወንበር ግን ብዙ ጊዜ ከ2 ሜትር በላይ ይርቃል። ከፊት አስቀምጠሻት ለውጥ ያጣሽው ለዚህ ሊሆን ይችላል። በፈለገች ጊዜ ተነስታ ሰሌዳው ሥር ቆማ እንድታነብ ፍቀጂላት፤ ክፍሉም በሁለት ቀን ይለምደዋል።

ብርሃኑስ? አልቢኒዝም ያለበት ዓይን ብርሃን ይበዛበታል። መስኮቱ ከጀርባዋ ወይም ከጎኗ ይሁን እንጂ ፊት ለፊቷ አይሁን። አንቺም መስኮት ተደግፈሽ አታስረጂ። እሷ ወንበር ላይ ሄደሽ ተቀመጪና ሰሌዳውን እዪው፤ የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ ያን ጊዜ ይታይሻል። ክፍል ውስጥ ኮፍያ ክልክል ከሆነ ለእሷ አስፈቅጂላት። ሰሌዳውን ደግሞ በዳስተር ብቻ አትጥረጊው። ጠመኔው ተቀብቶበት ግራጫ የሆነ ሰሌዳ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይጠፋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ይታጠብ። ቀይና ሰማያዊ ጠመኔም ለጌጥ ካልሆነ አይጠቅማትም።

አሁን ወደ ፕሮትራክተሩ። ተራው ፕሮትራክተር ላይ አንድ ዲግሪ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ላስቲኩ ብርሃን ያስተላልፋል፣ ቁጥሩም በሁለት ረድፍ ተደራርቧል። ለእሷ ደካማ ዓይን ከዚህ የባሰ ዕቃ መሥራት ይቸግራል። አንቺ በካርቶን እንዲህ ትሠሪያለሽ።

በወረቀት ላይ በክርና በእርሳስ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግማሽ ክብ ሣዪና ቁረጪ። ለሁለት እጠፊው፤ እጥፋቱ 90 ዲግሪ ነው። ዘርጊውና አሁን እንደ ቆሎ መጠቅለያ ለሦስት እኩል እጠፊው። ይህ በአንድ ሙከራ አይመጣልሽም፤ ጠርዞቹ እስኪገጣጠሙ አስተካክይው። እጥፋቶቹ 60ና 120 ናቸው። እንደታጠፈ ለሁለት ስታጥፊው 30 ይመጣል፤ እንደገና ለሁለት ስታጥፊው 15። ስትዘረጊው በየ15 ዲግሪው መስመር አለሽ፤ ያለ ምንም መለኪያ። ካርቶን ላይ ለጥፊው። ጠርዙ ላይ በሁለት መስመር መካከል 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ስላለ፣ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ስትከፋፍይው በየ5 ዲግሪው ይሆንልሻል። የ15ቱን መስመሮች በወፍራም ጥቁር ማርከር፣ የ5ቱን በአጭር ምልክት አስምሪ። ከዚያ በላይ አትከፋፍይው፤ መስመር ሲበዛ ተመልሶ ያው ተራው ፕሮትራክተር ይሆናል።

ቁጥሩን በአንድ ረድፍ ብቻ ጻፊ፤ ከቀኝ የሚነሳውን። ከግራ የሚነሳውን ካርቶኑን ገልብጠሽ ጀርባው ላይ ጻፊው። ማዕዘኑ ወደ ግራ ከተከፈተ ካርቶኑን ትገለብጠዋለች።

እኔ መጀመሪያ ስሠራው አንድ ነገር ረስቼ አፍሬያለሁ። ካርቶን እንደ ላስቲክ አያሳይም። መጽሐፉ ላይ ያለው የማዕዘን መስመር አጭር ስለሆነ ካርቶኑ ሙሉ በሙሉ ሸፈነው፤ ልጁም «መስመሩ የት ሄደ?» ብሎ አየኝ። ስለዚህ ማዕዘኖቹን በየተለየ ኤፎር ወረቀት ላይ በማርከር ሣዪ፤ መስመሮቹ 15 ሳንቲ ሜትር ይርዘሙ። ከካርቶኑ ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ይወጣሉ፤ የወጡበት ላይ ቁጥሩን ታነባለች። መጽሐፉን በፎቶ ኮፒ አጉልቶ መስጠት የቀለለ ይመስላል። ኮፒው ግን መስመሩን ሲያጎላው ያደበዝዘዋል፣ ገጹ ላይ ያለውን ሌላውን ኮተትም አብሮ ያተልቀዋል።

ከዚህ በኋላ የዕለት ዕቅድሽን አውጪ። ዓላማው «ተማሪዎች ማዕዘን ይለካሉ» ይላል፤ እሱን አትንኪው። ከሥሩ ያሉትን ተግባራት ግን እርሳስ ይዘሽ እዪአቸው። «ያያሉ»፣ «ይገለብጣሉ»፣ «ከሰሌዳ» የሚል ባገኘሽ ቁጥር አስምሪበት። ከሦስትና ከአራት አይበልጥም።

ለምሳሌ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ስታሳዪ ትልቁን የእንጨት ፕሮትራክተር ትጠቀሚያለሽ። እሷ በዚያን ጊዜ ካርቶኗን ጠረጴዛዋ ላይ አድርጋ ያንኑ ታድርግ። አንቺ ደግሞ እጅሽ የሚሠራውን አፍሽ ይናገር። «ይኸን እዚህ ጋ አድርገን እንዲህ ስናየው» ለእሷ ባዶ ወሬ ነው። «የካርቶኑን መሐል ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ላይ አደርጋለሁ፤ የታችኛው ጠርዝ በታችኛው መስመር ላይ ይተኛል፤ ከዜሮ ተነስቼ ወደ ላይ እቆጥራለሁ» በይ። እመኚኝ፣ ከኋላ የተቀመጡትም ሰሌዳውን እኩል አያዩትም፤ ይጠቅማቸዋል።

ቀጥሎ ማስታወሻ መገልበጥ አለ። ሌላው ልጅ በ8 ደቂቃ የሚገለብጠውን እሷ ፊደል በፊደል እየተመላለሰች ክፍለ ጊዜውን ትጨርስበታለች። የራስሽን ማስታወሻ በጥቁር እስክሪብቶ፣ ሰፋ ባለ መስመር ጽፈሽ ስጫት፤ ቤቷ ትገልብጠው። ያን 8 ደቂቃ ለመለካት ታውለዋለች።

በቡድን ሥራው አምስቱን የማዕዘን ወረቀቶች ለእሷ ቡድን ስጪ። ሁሉም በተራ ይለኩ፤ ሌሎቹ በላስቲኩ፣ እሷ በካርቶኑ። «አንቺ ቁጥሩን ጻፊ» እያሉ ከመለካት እንዳያስወጧት ተከታተያቸው። በደግነት የሚደረግ ነው፤ ግን ልጅቷ አልለካችም ማለት ነው። መጽሐፉ 10 ጥያቄ ካለው 5 ይበቃታል፤ ግን ቀላሎቹን አትምረጪላት። ጠባብ፣ ሰፊ፣ ወደ ግራ የተከፈተ፣ ሁሉም ዓይነት ይግባበት።

ስታርሚ ስህተቷን በሁለት ክፈይው። ማዕዘኑ 120 ሆኖ 115 ወይም 125 ካለችሽ ዓይኗ ነው፤ ካርቶኑም የተሠራው በየ5 ዲግሪው ስለሆነ ትክክል ብለሽ እለፊው። 120ውን 60 ካለችሽ ግን ከዓይን ጋር አይገናኝም። ካርቶኑን በተሳሳተው ፊት ይዛዋለች ወይም ከየት መቁጠር እንደሚጀመር አልገባትም። ያን ጊዜ እንደማንኛውም ተማሪ ደግመሽ አስረጃት። «ይህ ማዕዘን ከ90 ይሰፋል ወይስ ይጠብባል?» ብለሽ ሳትለካ አስገምቻት። ለዚህ ካርቶኑም አያስፈልግም፤ የደብተሯ ማዕዘን ይበቃል።

መነጽሯ ከተሠራላት ቆይቶ ከሆነ ቤተሰቦቿ የዓይን ክሊኒክ ይውሰዷት። ልጅ ሲያድግ ቁጥሩ ይቀየራል። እዚያ ሲሄዱ በየትኛው ርቀት ምን መጠን ፊደል እንደምታነብ የለካሽውን በወረቀት ጽፈሽ ስጫቸው።