ጠዋት ጠዋት ለርዕሰ መምህሩ የምትወጣው የክፍያ ገጽ፦ ጥያቄና መልስ

ጋሽ መዝገብ፦ ትምህርት ቤት ሂሳብ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ከርሜያለሁ። በየክፍሉ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረው የምትለውን የጠዋት ገጽ የማወጣው እኔ ነኝ። ሦስት ሺት ነው ያለኝ። አንዱ የተማሪዎች፣ አንዱ የክፍያዎች፣ አንዱ ርዕሰ መምህሩ የሚያየው ማጠቃለያ። እዚያ ላይ ጥያቄ ያለው ወዲህ ይበል። «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል» ለሚል ግን መልስ የለኝም።

ግራ የገባት፦ ጋሼ፣ ገጹ ላይ 7ኛ ለ 95% ከፍሏል ይላል። የክፍሉ ኃላፊ ግን ሲሶው አልከፈለም ትላለች። ማናቸውን ልመን?

ጋሽ መዝገብ፦ ሁለቱንም። ማንም አልዋሸም፤ ያታለለሽ ድምሩ ነው። እኔም በዚሁ ተሸውጄ ዳይሬክተሩ ፊት አፍሬያለሁ።

ቁጥር ይዘን እንየው። ክፍሉ 40 ተማሪ አለው እንበል። የአንዱ የተርም ክፍያ 1,000 ይሁን። መግባት ያለበት 40,000 ነው። የገባው 38,000 ነው። አካፍዪው፤ 95% ይመጣል።

አሁን ስም በስም ውረጂ። 6 ወላጆች የሦስቱንም ተርም ባንዴ ከፍለዋል። ከእነሱ ብቻ 18,000 ገባ። 20 ተማሪዎች የዚህን ተርም ብቻ ከፈሉ፤ 20,000። የቀሩት 14 ሰባራ ሳንቲም አልሰጡም። እንግዲህ ስድስቱ ለሚመጣው ጊዜ ያስቀመጡት 12,000 የ12 ልጆችን ውዝፍ ሸፍኖ ደበቀልሽ። እውነቱ 26 ልጅ ነው፤ 65%። ኃላፊዋ ልክ ናት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የከፈለውን መጀመሪያ በተማሪ ትገድቢዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ ነው በክፍል የምትደምሪው። ተማሪዎች ሺት ላይ A የልጁ መለያ ቁጥር፣ D እስከ ዛሬ የሚፈለግበት ነው። Payments ያልኩት የክፍያዎቹን ሺት ነው፤ A መለያ ቁጥር፣ B ቀን፣ C መጠን። ቀጥሎ ሁለት ዓምድ ጨምሪ፦

```
E2: =SUMIFS(Payments!C:C, Payments!A:A, A2)
F2: =MIN(D2, E2)
```

የክፍሉ ፐርሰንት የF ድምር ሲካፈል ለD ድምር ነው። E ላይ የተረፈውን አትጣይው። «ቅድሚያ ክፍያ» ብለሽ ለብቻው አሳዪው። ከውዝፍ ጋር ብቻ አታደባልቂው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ደግሜ የምለው ነው። E ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የተከፈለውን ሁሉ ይደምራል። ስለዚህ D ም ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ዛሬ የተጠራቀመው መሆን አለበት። ሁለተኛው ተርም ሲገባ D 2,000 ካልሆነ፣ ባለፈው ተርም የከፈለ ሁሉ የዚህኛውንም ተርም ዕዳ እንደጨረሰ ሆኖ ይታይሻል።

ሁሉን አዋቂ፦ ይሄ ማካበድ ነው። ባንክ ውስጥ ያለው 38,000 ነው አይደል? ብር ብር ነው።

ጋሽ መዝገብ፦ ደሞዝ ለሚከፍለው ሰው ልክ ነህ፤ እሱ 38,000ውን ነው የሚፈልገው። ርዕሰ መምህሩ ግን ጠዋት የሚጠይቀው «ዛሬ ለየትኛው ወላጅ ልደውል?» ብሎ ነው። ለዚያ 95% ምንም አይነግረውም።

አዲስ ገቢ፦ ሺቴ አይሠራም፤ እርዱኝ።

ጋሽ መዝገብ፦ ምኑ? የትኛው ሺት? ምን እያለ ነው የማይሠራው? ወንድሜ፣ ይህን ነግረህ ተመለስ።

የማለዳ ሠራተኛ፦ አናቱ ላይ «ዛሬ ጠዋት ታድሷል» ይላል። ውስጡ ያለው ክፍያ ግን ከሦስት ቀን በፊት የነበረው ነው። እንዴት ይሆናል?

ጋሽ መዝገብ፦ አሃ! መጣህልኝ። ይህ የእኔ በሽታ ነው።

ሰዓቷን ያስቀመጥካት በ`NOW()` ነው አይደል? `NOW()` የሚነግርህ ፋይሉ መቼ እንደተሰላ ነው። ገንዘቡ መቼ እንደገባ አያውቅም። ካሸሯ ትናንት የባንኩን ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ሳታስቀምጥ ወደ ቤቷ ብትሄድ፣ ሪፍሬሹ ያንኑ አሮጌ ፋይል ደግሞ ያነበዋል። ስህተት የሚል ነገር አይመጣም። ሰዓቱ አዲስ፣ ገንዘቡ አሮጌ። ርዕሰ መምህሩም ትናንት ለከፈለ ወላጅ ይደውላል። ከዚያ የሚመጣውን ስድብ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ አናቱ ላይ የሚቀመጠው የመጨረሻው ክፍያ ቀን ነው፦

```
=MAXIFS(Payments!B:B, Payments!B:B, "<="&TODAY())
```

ዝም ብዬ `MAX` ያላልኩት አለምክንያት አይደለም። አንድ ጊዜ ካሸር ዓመተ ምሕረቱን በአንድ አሳልፋ ጻፈች። `MAX` ያቺን የወደፊት ቀን ያዘና ሙጭጭ አለ። ስንት ሳምንት ሙሉ ገጹ «አዲስ ነኝ» ሲል ከረመ። የዛሬውን ቀን ጣሪያ ካደረግህለት እንዲህ አይቀልድብህም።

ሰኞ ጠዋት ዓርብን ቢያሳይህ አትደንግጥ። ቅዳሜና እሁድ ማንም አልከፈለም ማለት ሊሆን ይችላል። ረቡዕ ጠዋት ዓርብ ካለህ ግን ገጹን አታትም። ስልክ አንሳና ካሸሯን ጠይቅ።

ኮምፒውተር ወዳጅ፦ የእኛ ዋናው ችግር የተማሪ መለያ ቁጥር ነው። አንዱ ሺት ላይ እንደ ቁጥር፣ ሌላው ላይ እንደ ጽሑፍ ከተጻፈ `SUMIFS` አያገኘውም። ስለዚህ ክፍያው ዜሮ ይሆናል።

ጋሽ መዝገብ፦ ግማሹ ልክ ነው። ያልከው `VLOOKUP` ላይ ይሠራል። ጽሑፍና ቁጥር ለእሱ የተለያዩ ናቸው፤ `#N/A` ይልሃል። `SUMIFS` ግን ያገኘዋል። ጣጣው የባሰው እዚህ ነው፤ አብዝቶ ያገኛል። 0457 እና 457 ሁለት የተለያዩ ልጆች ቢሆኑ እንኳ `SUMIFS` አንድ አድርጎ ይደምራቸዋል። የአንዱ ክፍያ ለሁለቱም ይቆጠራል። መለያውን ፊደል አስጀምረው፤ S0457 በለው፤ ያልፋል።

ዜሮ የሚያመጣብህ ሌላ ነው። የገንዘቡ መጠን በጽሑፍ ሲገባ ነው። ከባንክ የመጣውን ቀድተህ ስትለጥፍ ከቁጥሩ ኋላ የማይታይ ክፍት ቦታ ተጣብቆ ይመጣል። ስታየው 1,000 ነው። `SUMIFS` ግን እንዳላየ ያልፈዋል። ቁጥሩ ወደ ግራ ተጠግቶ ከቆመ ጠርጥር። ይህን አንድ ሴል ላይ አስቀምጥ፤ ሁሌም 0 መሆን አለበት፦

```
=COUNTA(Payments!C:C)-1-COUNT(Payments!C:C)
```

አንድ የተቀነሰው ለርዕሱ ነው። 3 ካለ ሦስት ክፍያ እንደ ጽሑፍ ተቀምጧል፤ ፈልገህ አስተካክል።

ኮምፒውተር ወዳጅ፦ እኔ ግን `SUMIFS` ዜሮ ሲሰጠኝ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋሽ መዝገብ፦ ዜሮውንማ አይተሃል። ምክንያቱ ነው ሌላ የሆነው። መለያው ኋላም ክፍት ቦታ ሊኖር ይችላል። ሂድና `LEN` አስቆጥረው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ወላጅ ነኝ። በስልኬ ከፍዬ የልጄ ስም ያልከፈሉት ውስጥ ወጣ። ልጄ ክፍል ውስጥ ተጠርቶ አፈረ። የት ነው አቤት የምለው?

ጋሽ መዝገብ፦ እሜቴ፣ የአቤቱታ ቦታ እዚህ አይደለም፤ ደረሰኝዎን ይዘው ሂሳብ ክፍል ይሂዱ። ግን የነገሩን ምክንያት ልንገርዎት፤ ለሌሎቹም ይጠቅማል።

ገንዘብዎ ገብቷል። ሲልኩት የልጁ መለያ ቁጥር አልተጻፈም ወይም የራስዎ ስም ብቻ ነው ያለው። የማን እንደሆነ ስላልታወቀ የትኛውም ክፍል አልወሰደውም። ይህን የምናውቅበት መንገድ አለ። ከክፍያዎች አጠቃላይ ድምር ላይ የተማሪዎቹን E ድምር መቀነስ ነው፦

```
=SUM(Payments!C:C)-SUM(Students!E:E)
```

የሚቀረው ባለቤት ያልተገኘለት ገንዘብ ነው። እኔ ይህን ከክፍሎቹ ዝርዝር በታች ለብቻው ረድፍ ሰጥቼዋለሁ። 5,000 ካለ ርዕሰ መምህሩ ያያል፤ «ያልከፈሉ» ከሚላቸው ውስጥ አምስት የሚያህሉት ከፍለው ይሆናል ብሎ ከመደወሉ በፊት ይጠብቃል። ይህ ረድፍ የሌለው ገጽ እንደ እርስዎ ያለውን ሰው ያስቀይማል። ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከወረደ ደግሞ አንድ ክፍያ ሁለት ልጅ ላይ ተቆጥሯል ማለት ነው። ያ የ0457 ጣጣ ነው።

እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ በጽሑፍ የገባ መጠን `SUM`ም ላይ አይቆጠርም። ይህ ልዩነት ያንን አይዝላችሁም። ሁለቱንም መቆጣጠሪያ አስቀምጡ።

መምህሩ፦ ቆይ፣ ልጅ ክፍል ውስጥ ስሙ ይጠራል? ይሄ ምን አመጣው? ዝርዝሩ እኛ መምህራን ዘንድ ባይደርስ ነው የሚሻለው።

ሁሉን አዋቂ፦ ሳይደርሳችሁማ ማን ያስታውሳቸዋል? ወላጅ የሚሰማው ልጁ ሲያለቅስ ነው።

መምህሩ፦ እንዲህ ስትል ትንሽ አታፍርም?

የሁለት ልጆች እናት፦ ያለቀሰው የእኔ ልጅ ነው ወንድም። ከፍዬ!

ጋሽ መዝገብ፦ በቃ፣ በቃ። እኔ ዘንድ ማጠቃለያው ላይ ስም የለም፤ በክፍል ቁጥር ብቻ ነው። የስም ዝርዝሩ ርዕሰ መምህሩ ጋ ይቀራል። ሌላውን ትምህርት ቤቶቻችሁ ይወስኑ። ቀጥሉ።

ቸኳይ፦ የኛ 8ኛ ሀ 102% ነው የሚለው። እንዴት ከመቶ በላይ ይሆናል?

ጋሽ መዝገብ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። `MIN`። ጣትህ ወደ ላይ ለማንሸራተት አይሰንፍ።

ቸኳይ፦ አነበብኩ። አሁን ደግሞ ማንም ሳይከፍል ትናንት 70% የነበረው ዛሬ 68% ሆነ።

ጋሽ መዝገብ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። ወይ ተማሪ ከሴክሽን ሴክሽን ተዛውሯል፣ ወይ አዲስ ገብቷል። ክፍሉ የሚጻፈው ተማሪዎች ሺት ላይ ብቻ ስለሆነ ልጁ ሲዛወር ዕዳውም ክፍያውም አብሮት ይሄዳል። ጥፋት አይደለም። ከፐርሰንቱ ጎን የተማሪውን ብዛት አሳይ፤ 39 የነበረው 40 ሲሆን ማንም ሳይጠይቅህ ይገባዋል።

ግራ የገባት፦ ነፃ ተማሪዎችስ?

ጋሽ መዝገብ፦ D ላይ 0 ጻፊ። ብዛቱ ውስጥ ግን «የሚከፍሉ» ብለሽ ለያቸው።

የካሸር እህት፦ ደረሰኝ የተቆረጠበትን ቀን ነው ወይስ ባንክ የገባበትን የምንይዘው? እኔ ደረሰኙን ነው የማምነው። ወላጁ ከፍሎ ሄዷል፤ የባንኩ መዘግየት የእሱ ጥፋት አይደለም።

ጋሽ መዝገብ፦ እኔ ባንክ ያልገባ አልቆጥርም። ቼክ ሲመለስ ደረሰኙ እጃችን ላይ ይቀራል።

የካሸር እህት፦ ባልቆጠርከው ቀን ለዚያ ወላጅ ይደወልለታላ!

ጋሽ መዝገብ፦ እሱም እውነት ነው። ሁለቱንም ቀን በየዓምዱ ያዢ። የትኛው ለጠዋቱ ገጽ ይሁን የሚለውን ከዳይሬክተሬ ጋር ዛሬም እየተከራከርን ነው።